የኩንታሉ ዋጋ እና ኪስ የሚገባው ብር

አጎቴ ቢቸና አካባቢ ጤፍ ያመርታሉ። ጥር ላይ ልጠይቃቸው ስሄድ አምስት ማዳበሪያ ነጭ ጤፍ ደጃፉ ላይ አስደርድረው ጠበቁኝ። እንደምታውቁት በእኛ አገር ማዳበሪያ የምንለው ከረጢቱንም ጭምር ነው። የመንደሩ ነጋዴ ቤታቸው ድረስ መጥቶ “በኪሎ 119 ብር እወስደዋለሁ” ብሏቸዋል። የከተማው ነጋዴ ደግሞ በስልክ “ካመጡልኝ በኩንታል 12,500 እከፍላለሁ” ብሏል። “እስቲ አንተ የተማርከው፣ የቱ ይሻለኛል?” አሉኝ። የጤፍ ዋጋ ከገበያ ገበያ ስለሚለዋወጥ እዚህ የማነሳቸውን ቁጥሮች ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ፤ መንገዱ ግን በማንኛውም ዋጋ ያው ነው።

አንዱ በኪሎ፣ ሌላው በኩንታል ሲናገር ሁለቱን ማወዳደር አይቻልም። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ስለሆነ የኩንታሉን ዋጋ ለ100 ማካፈል ይበቃል። 12,500 ለ100 ሲካፈል 125 ብር ይሆናል። በቃል ለማስላት ደግሞ ከኩንታሉ ዋጋ የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች ሳንቲም አድርጎ ማንበብ ነው፤ 12,550 ቢሆን ኖሮ ኪሎው 125 ብር ከ50 ሳንቲም ይመጣ ነበር። ስለዚህ ከተማው በኪሎ 6 ብር፣ በኩንታል 600 ብር ይበልጣል። አጎቴ ይህን ሲሰሙ “እንግዲያማ እንጫን!” ብለው ተነሡ። እኔ ግን የመንገዱን ወጪ ሳንቆጥር አንነሣም አልኩ።

ከቤት እስከ ዋናው መንገድ ጋሪ በኩንታል 80 ብር ያስከፍላል። ከዚያ እስከ ከተማ አይሱዙው 150 ብር ነው። ጫኝና አውራጅ 40፣ ደላላው 30 ይወስዳሉ። ሲደመር በኩንታል 300 ብር፣ በኪሎ 3 ብር ይመጣል። እነዚህ ሁሉ ከእህሉ ብዛት ጋር አብረው የሚጨምሩ ወጪዎች ናቸው። ከእነሱ ሌላ የአጎቴ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትና የምሳ ወጪ አለ፤ እሱ 400 ብር ሲሆን አንድ ኩንታልም ይዘው ቢሄዱ አሥር አይለወጥም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለአምስቱ ኩንታል የወጣው 1,500 እና 400 ብር ሲደመር 1,900 ብር ነው። አጎቴ ይህን ከአንዱ ኩንታል ዋጋ ላይ ቀነሱና 10,600 ብር ብቻ የሚተርፋቸው መስሏቸው ደነገጡ። የአምስት ኩንታል ወጪ የሚቀነሰው ከአምስት ኩንታል ሽያጭ ላይ ነው። የአንድ ኪሎ ወጪ ከአንድ ኪሎ ዋጋ፣ የአንድ ኩንታል ከአንድ ኩንታል፣ የጠቅላላው ከጠቅላላው ይቀነሳል። ይህ ከተጠበቀ ሌላው ቀላል ነው።

ከተማ ስንደርስ ግን ያልጠበቅነው ነገር ገጠመን። አጎቴ “አምስት ኩንታል” ያሉት ቤት ውስጥ በቁና ሰፍረው ነበር፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ ከነከረጢቱ 492 ኪሎ ሆነ። አይሱዙው ግን የጫነው አምስት ከረጢት ስለሆነ የአምስት ኩንታል ሒሳቡን ተቀብሏል። ገበሬ ለመኪናው በከረጢት ቁጥር እየከፈለ ለእህሉ በኪሎ ስለሚከፈለው፣ ከረጢቱ በጎደለ ቁጥር የእያንዳንዱ ኪሎ የመጓጓዣ ወጪ ከፍ ይላል።

ቀጥሎ መዛኙ “ለከረጢት አምስት ኪሎ ይቀነሳል” አለ፤ በአንድ ከረጢት አንድ ኪሎ ማለቱ ነው። ለቃጫ ጆንያ ቢሆን ብዙም አልከራከርም፤ እሱ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። የላስቲክ ማዳበሪያ ግን አሥሩ አንድ ላይ ቢመዘን ከአንድ ኪሎ ብዙ አይርቅም። “አባቴ፣ የገበያው ደንብ ነው” አላቸው። አጎቴ ዝም አሉ። እኔ ጤፉ ከተገለበጠ በኋላ ባዶዎቹ ከረጢቶች ሚዛን ላይ ይውጡ ብዬ ለመንኩ። አምስቱም አንድ ላይ አንድ ኪሎ አልሞሉም። ለእሱም እንዲመቸው አንድ ኪሎ ሙሉ ቀንስ ተባለና የተጣራው ክብደት 491 ኪሎ ሆነ።

እንግዲህ ሒሳቡ ይህ ነው። 491 ኪሎ በ125 ሲባዛ 61,375 ብር ይሆናል። ከዚህ 1,900 ብር ወጪ ሲቀነስ 59,475 ብር ይቀራል። ለ491 ሲካፈል አጎቴ በእያንዳንዱ ኪሎ 121 ብር ከ13 ሳንቲም አገኙ ማለት ነው። ያንኑ ጤፍ ደጃፋቸው ላይ በ119 ቢሸጡት 58,429 ብር ያገኙ ነበር። ከተማ መሄዳቸው የጠቀማቸው 1,046 ብር ነው። በስልክ የሰማነው የኪሎ 6 ብር ልዩነት መንገድ ላይ እየተሸራረፈ 2 ብር ከ13 ሳንቲም ሆኖ ገባ።

አሁን የከረጢቱን ነገር መልሳችሁ ተመልከቱ። መዛኙ እንዳለው አምስት ኪሎ ተቀንሶ ቢሆን ኖሮ የሚከፈለው ለ487 ኪሎ ነበር። አራት ኪሎ በ125 ብር 500 ብር ነው። አንድ ገበሬ ቀኑን ሙሉ ተንከራትቶ ካገኘው ትርፍ ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። ይህ እንዲህ በቃል ብቻ የሚወሰድ መሆኑ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ገበሬው የኩንታሉን ዋጋ ሲከራከር ውሎ ሚዛኑ ላይ ሲደርስ ይደክመዋል።

ለመሆኑ አጎቴ ይዘው የወጡት አንድ ኩንታል ብቻ ቢሆንስ? ከ12,500 ብር ላይ 300 እና 400 ሲቀነስ 11,800 ይቀራል። መንደር ውስጥ ደግሞ 11,900 ያገኙ ነበር፤ መቶ ብር ከስረው ይመለሳሉ። ሁለት ኩንታል ቢሆን 200 ብር ያተርፋሉ። ልዩነቱን ያመጣው ያ ከእህሉ ጋር የማይጨምረው 400 ብር ነው፤ ለአንዱ ኩንታል ብቻ ሲጫን ይከብዳል፣ ለአምስት ሲከፋፈል ይቀላል። ትንሽ እህል ያላቸው ጎረቤታሞች አንድ ሰው ልከው አብረው ቢሸጡ የሚያዋጣቸው ለዚህ ነው። የላኩት ሰው ግን የእያንዳንዱን ከረጢት ክብደት ለየብቻ አስመዝኖ መጻፍ አለበት፤ አለዚያ ሲካፈሉ ይጣላሉ።

ከአዲስ አበባ ዘመድ ደውሎ የሚነግረን የኪሎ ዋጋም ከዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። እሱ የሚነግረን ወፍጮ ቤት ወይም ሱቅ ገዢው የሚከፍለውን ነው፤ በመካከል የሌላ መኪና ጭነት፣ የሌላ ጫኝና አውራጅ፣ የቸርቻሪው ትርፍ አለበት። ገበሬው የሚይዘው እህሉን የሚያስረክብበትን ቦታ ዋጋ ነው።

ሚዛኑን ከተጠራጠራችሁ ደግሞ ምንም ሳይጫንበት ዜሮ ላይ መቆሙን እዩ፤ ከዚያ ያልተከፈተ የ50 ኪሎ ማዳበሪያ ወይም ሲሚንቶ አስቀምጡበትና አንብቡ። በሚቀጥለው ገበያ ከነጋዴው ጋር ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት ደግሞ “ለከረጢት ስንት ትቀንሳለህ?” ብላችሁ ጠይቁት።