የጊዜ ማራዘሚያ ጥያቄ፦ ከ289 ቀን 97 ቀን የሚሻልበት ምክንያት

የመንገድ ተቋራጮች ሥራቸው ሲጓተት ለአማካሪ መሐንዲሱ የሚጽፉት የጊዜ ማራዘሚያ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የችግር ዝርዝር ነው። ወሰን አልተከበረም፣ ዝናብ በዛ፣ ክፍያ ዘገየ፣ የውጭ ምንዛሪ ጠፋ፣ ዲዛይን ቆየ ይባልና በመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ትልቅ የቀን ቁጥር ይቀመጣል። በዝርዝሩ ላይ ያሉት ችግሮች ሁሉ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። መሐንዲሱ ግን የሚጠይቀው ችግር መኖሩን ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ችግር በውሉ የትኛው አንቀጽ ቀን እንደሚያስገኝ፣ በምን ማስረጃ እንደሚረጋገጥና የሥራውን መጨረሻ በስንት ቀን እንደገፋው ነው። ይህን የማይመልስ ጥያቄ የቱንም ያህል ቢረዝም ውድቅ ለመሆን የተመቻቸ ነው።

ልዩነቱ በገንዘብ ሲታይ ቀላል አይደለም። ለማብራሪያ እንዲያገለግል የተቀናበረ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ተቋራጭ በ480 ሚሊዮን ብር የ30 ኪሎ ሜትር አስፋልት መንገድ በ720 ቀን ለመሥራት ተዋውሏል። የመዘግየት ካሳው በቀን ከውሉ ዋጋ 0.1 በመቶ፣ ጣሪያውም 10 በመቶ ነው። ይህም ማለት ለእያንዳንዱ የዘገየ ቀን 480 ሺህ ብር፣ ቢበዛም 48 ሚሊዮን ብር ከክፍያው ይቆረጣል። ሥራው 110 ቀን እንደሚዘገይ ታውቋል። ማራዘሚያ ካልተገኘ የ48 ሚሊዮኑ ጣሪያ ሙሉ በሙሉ ተነካ ማለት ነው።

ውሉ በመንገድ ሥራ በሰፊው የሚታወቀውን የፊዲክ 1999 (እ.ኤ.አ.) ቀይ መጽሐፍ የተከተለ ነው። የተቋራጩ ዋና መሥሪያ ቤት ያዘጋጀው ረቂቅ ደብዳቤ አምስት ምክንያቶችን ጠቅሶ እንዲህ ደምሯል፦ ወሰን ማስከበር 96 ቀን፣ የድልድይ ዲዛይን መዘግየት 45 ቀን፣ ዝናብ 38 ቀን፣ የክፍያ መዘግየት 60 ቀን፣ በውጭ ምንዛሪ እጥረት የሬንጅ አለመገኘት 50 ቀን፤ በድምሩ 289 ቀን። ደብዳቤው አንድም አንቀጽ አልጠቀሰም። ሥራው የዘገየው 110 ቀን ሆኖ ሳለ 289 ቀን መጠየቁ ብቻውን የመሐንዲሱን እምነት የሚያጠፋ ነው። ረቂቁ ከመላኩ በፊት እንደገና እንዲጻፍ የተወሰነውም በዚህ ምክንያት ነው።

አምስቱ ምክንያቶች ተነጣጠሉ

የመጀመሪያው ሥራ አምስቱን ምክንያቶች ለየብቻ ማቆም ነበር። ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ ተመደበለትና ተመሳሳይ ጥያቄዎች ቀረቡለት። ድርጊቱ ምንድን ነው? መቼ ጀመረ፣ መቼ አበቃ? የትኛው አንቀጽ ጊዜ ይሰጣል? ማስታወቂያው በወቅቱ ተሰጥቷል? ማስረጃው የት ነው? የሥራውን መጨረሻ በስንት ቀን ገፋው?

ከእነዚህ ውስጥ ምሕረት የማያውቀው የማስታወቂያው ጥያቄ ነው። በንዑስ አንቀጽ 20.1 መሠረት ተቋራጩ ድርጊቱን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ ካላስታወቀ መብቱን ያጣል። ዝርዝሩን ደግሞ በ42 ቀን ውስጥ ማቅረብ አለበት። ድርጊቱ የሚቀጥል ከሆነ በየወሩ ጊዜያዊ መግለጫ እየሰጠ ይቆይና ውጤቱ ባበቃ በ28 ቀን ውስጥ የመጨረሻውን ጥያቄ ያቀርባል።

ወሰን ማስከበር፦ ጠንካራው ምክንያት

ከኪሎ ሜትር 12 እስከ 18 ያለው መሬት በጨረታው አባሪ ላይ የርክክብ ቀን አልተጻፈለትም። ንዑስ አንቀጽ 2.1 እንዲህ ባለ ጊዜ አሠሪው ቦታውን የሚያስረክበው በሥራ ፕሮግራሙ መሠረት ሥራውን ለማካሄድ በሚያስችል ጊዜ ነው ይላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ማስረጃ ለመሐንዲሱ የገባውና ተቃውሞ ያልቀረበበት ፕሮግራም ሆነ። ፕሮግራሙ በዚያ ክፍል የአፈር ሥራው ኅዳር 1 ተጀምሮ በ180 ቀን፣ ማለትም ሚያዝያ 30 እንደሚያልቅ ያሳያል። ቦታው የተሰጠው ግን የካቲት 1 ነው፤ ይህም በርክክብ ቃለ ጉባኤ ተረጋግጧል። ተቋራጩ ኅዳር 12 ቀን ስላስታወቀ የ28 ቀኑ ገደብ ተከብሯል።

ረቂቁ 96 ቀን ያለው መዘግየት በቀን መቁጠሪያ ሲቆጠር 90 ሆነ። ዘጠናውም ቢሆን ሙሉውን የሚጠየቅ አይደለም። ቀጣዩ የሰብ ቤዝ ሥራ ግንቦት 21 የሚጀመር ስለነበር የአፈር ሥራው ማንንም ሳይጎዳ 20 ቀን መዘግየት ይችል ነበር። የሥራውን መጨረሻ የገፋው ቀሪው 70 ቀን ነው። ንዑስ አንቀጽ 8.4 የሚሰጠውም የማጠናቀቂያው ቀን ለዘገየበት መጠን እንጂ ለችግሩ ዕድሜ አይደለም።

ዝናቡ አንቀጹን ቀየረ

ረቂቁ ዝናቡን ያቀረበው እንደ ልዩ የአየር ጠባይ ነበር። የ8.4 ሦስተኛ ነጥብ ግን የሚለው ከተለመደው እጅግ የከፋ የአየር ሁኔታ ነው። ከቅርቡ ሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ የተወሰደው የአሥር ዓመት መረጃ ሲታይ የዚያ ዓመት ክረምት እንደ ሌላው ክረምት ነበር። በሐምሌና በነሐሴ እንደሚዘንብ ደግሞ ማንም ተቋራጭ ያውቃል። በዚህ አንቀጽ 38ቱም ቀን ይወድቅ ነበር።

ነገር ግን ቦታው በወቅቱ ቢሰጥ ኖሮ የአፈር ሥራው ሚያዝያ ላይ ስለሚያልቅ ክረምቱ አያገኘውም ነበር። ሥራውን ወደ ዝናቡ የገፋው የርክክቡ መዘግየት ነው። ስለዚህ ዝናቡ ራሱን የቻለ ምክንያት መሆኑ ቀረና በንዑስ አንቀጽ 2.1 ሥር የወሰኑ መዘግየት ተከታይ ውጤት ሆኖ ተጻፈ። በኅዳር የተሰጠው ማስታወቂያና በየወሩ የቀረበው መግለጫም ይህን ውጤት ይሸፍነዋል። ሥራው የተጠናቀቀው መስከረም 3 በመሆኑ የመጨረሻው ጥያቄ እስከ ጥቅምት 1 መግባት ነበረበት።

ቀኑን ለመቁጠር የተቆጣጣሪው ፊርማ ያለባቸው የዕለት ሥራ መዝገቦች አንድ በአንድ ተገለጡ። ሥራ በቆመባቸው 38 ቀናት ውስጥ 27ቱ ዝናብና የረጠበ አፈር ይላሉ። አሥራ አንዱ ግን የሚሉት «ግሬደር ተበላሽቶ ቆሟል» ነው። የራሱን መሣሪያ ብልሽት በዝናብ ስም ያቀረበ ተቋራጭ አንዴ ከተያዘ መሐንዲሱ ሌላውንም ገጽ በጥርጣሬ ያነባል። አሥራ አንዱ ቀን ከጥያቄው ወጣ።

በአዲሱ ጥያቄ የዚህ ክፍል ዋና አንቀጽ እንዲህ ይነበባል፦ «አሠሪው ከኪሎ ሜትር 12 እስከ 18 ያለውን ቦታ ኅዳር 1 ማስረከብ ሲገባው ያስረከበው የካቲት 1 ነው (አባሪ 1 ፕሮግራም፣ አባሪ 2 ቃለ ጉባኤ)። ተቋራጩ ኅዳር 12 ቀን አስታውቋል (አባሪ 3)። በንዑስ አንቀጽ 2.1 እና 8.4 መሠረት 70 ቀን፣ ሥራው ወደ ክረምት በመገፋቱም 27 ቀን (አባሪ 4 የዕለት መዝገብ) ይጠየቃል።» በቀድሞው ረቂቅ ይኸው ጉዳይ የቀረበው «በወሰን ማስከበር ችግርና በከባድ ዝናብ ምክንያት ከፍተኛ ጉዳት ደርሶብናል» በሚል ነበር።

የቀሩት ሦስቱ

የድልድዩ ዲዛይን በንዑስ አንቀጽ 1.9 ይታያል። ተቋራጩ የትኛው ሥዕል፣ ለምንና እስከ መቼ እንደሚያስፈልገው ገልጾ አስቀድሞ ጽፎ ስለነበር መብቱ አለ። ሥዕሉ ታኅሣሥ 15 ይፈለግ ነበር፤ የመጣው ጥር 30 ነው። ከ45ቱ ቀን ውስጥ የድልድዩ ሥራ 30 ቀን መጠበቅ ይችል ስለነበር የተጎዳው 15 ቀን ነው። ይህም ከወሰኑ መዘግየት ጋር ጎን ለጎን የሄደ በመሆኑ በ70ው ላይ አይደመርም፤ ሁለት መዘግየቶች በአንድ ቀን ቢደርሱ ቀኑ አንድ ቀን ነውና። ሆኖም ገጹ ከጥያቄው አልወጣም። መሐንዲሱ የወሰኑን ምክንያት ባይቀበል እንኳ ይህ 15 ቀን በራሱ እግር ይቆማል።

የክፍያው መዘግየት እውነት ነበር። በንዑስ አንቀጽ 14.7 መሐንዲሱ የክፍያ ጥያቄውን ከተቀበለ በ56 ቀን ውስጥ መከፈል የነበረበት ገንዘብ አልተከፈለም። ነገር ግን ይህ በራሱ ቀን አያስገኝም። ተቋራጩ በ16.1 መሠረት ቢያንስ የ21 ቀን ማስታወቂያ ሰጥቶ ሥራ ቢያቆም ወይም ፍጥነቱን ቢቀንስ ኖሮ ለዚያ ጊዜ ማራዘሚያ ይጠይቅ ነበር። እሱ ግን ሳያስታውቅ ሥራውን አቀዘቀዘ። ስድሳው ቀን ተሰርዞ በምትኩ በ14.8 የዘገየ ክፍያ ወለድ ለብቻው ተጠየቀ።

የሬንጁ ጉዳይ የሚቀርብበት በር የ8.4 አራተኛ ነጥብ ነው። ይህም በወረርሽኝ ወይም በመንግሥት እርምጃ የተነሳ፣ ልምድ ያለው ተቋራጭ በጨረታው ወቅት አስቀድሞ ሊያውቀው የማይችል የዕቃ እጥረትን ይመለከታል። የምንዛሪ ወረፋው ግን ጨረታው በገባበት ጊዜም ነበር። ይባስ ብሎ ተቋራጩ ለባንክ ያቀረበው ማመልከቻ ሬንጁ በሥራው ላይ ከሚፈለግበት ቀን በኋላ የተጻፈ ሆኖ ተገኘ። ሃምሳው ቀን ሙሉ በሙሉ ወጣ።

ከ289 ወደ 97

የቀረው 70 እና 27፣ በድምሩ 97 ቀን ነው። ጥያቄው ወደ ቀድሞው አንድ ሦስተኛ ገደማ ቢወርድም ከ48 ሚሊዮኑ ጣሪያ የሚያስቀረው ካሳ 41 ሚሊዮን 760 ሺህ ብር ነው። ተቋራጩ በራሱ ጥፋት የሚሸከመው 13 ቀን፣ ማለትም 6 ሚሊዮን 240 ሺህ ብር ብቻ ይሆናል።

ይህ ማለት ግን 97ቱም ቀን ያለ ክርክር ያልፋል ማለት አይደለም። ሰባው ቀን በቃለ ጉባኤና በፕሮግራም የታሰረ በመሆኑ ጠንካራ ነው። በሃያ ሰባቱ ላይ መሐንዲሱ «ቦታው እስኪሰጥህ መሣሪያህን ሌላ ክፍል ላይ አሠርተህ መዘግየቱን ለምን አልቀነስክም?» ብሎ መጠየቁ የሚጠበቅ ነው። ለዚህ መልሱ ግሬደሮቹና ሮለሮቹ ከኅዳር እስከ ጥር ከኪሎ ሜትር 18 ወዲያ መሥራታቸውን የሚያሳየው የመሣሪያ መዝገብ ነው። እሱ ከሌለ ከሃያ ሰባቱ የተወሰነው ሊቀነስ ይችላል። መሐንዲሱም መልሱን በ42 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት።

በሌላ እትም የተፈረመ ውል ያለው ተቋራጭ ቁጥሮቹን እንዳሉ መገልበጥ የለበትም። በፊዲክ 1987 (እ.ኤ.አ.) አራተኛ እትም የጊዜ ማራዘሚያ በአንቀጽ 44 ይገኛል። በ2017 (እ.ኤ.አ.) እትም ደግሞ ማራዘሚያው ወደ 8.5፣ የጥያቄው ሥርዓት ወደ 20.2 ተዛውሯል፤ ለዝርዝር ማቅረቢያም 84 ቀን ይፈቅዳል። በልዩ የውል ሁኔታዎች የተለወጠ ነገር ካለም የሚጸናው እሱ ነው።

አሥራ አንዱን የግሬደር ቀን ከሃያ ሰባቱ የዝናብ ቀን የለየው፣ ሰባውንም ቀን ያጸናው ከብዙ ወራት በፊት በሳይት የተጻፈና የተፈረመ ወረቀት ነው። መዝገብ ያልያዘ ተቋራጭ በመስከረም የቱንም ያህል ጥሩ ጸሐፊ ቢቀጥር በኅዳር ያልተጻፈውን ደብዳቤ ሊያመጣለት አይችልም።