አብዮት ለምን ይነሳል? ከሦስት አገር መማርና ከብዙ አገር መማር

«አብዮት ለምን እንደሚነሳ ማወቅ የፈለገ አብዮት የተነሳባቸውን አገሮች ያጥና።» ይህን ሐሳብ የሚጠራጠር ሰው ብዙ አይደለም፤ የንጽጽር ፖለቲካ ጥናት የሚያቅድ ተማሪም ብዙ ጊዜ ከዚሁ ይነሳል። ሐሳቡ ግን ያሳስታል።

በማትሪክ ከፍተኛ ውጤት ያመጡትን ብቻ ሰብስቦ የጠየቀ ሰው ሁሉም ሌሊት ያጠኑ እንደነበር ሊሰማ ይችላል። የወደቁትም ሌሊቱን በንባብ አሳልፈው ከሆነ ግን ልዩነቱን ያመጣው ሌላ ነገር ነው። ይህን ለማወቅ የወደቁትንም መጠየቅ ያስፈልጋል። የአብዮት ጥናትም እንዲሁ ነው።

ቴዳ ስኮችፖል እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመችው ታዋቂ መጽሐፍ የፈረንሳይን፣ የሩሲያንና የቻይናን አብዮቶች አነጻጽራለች። የክርክሯ አንዱ ምሰሶ የውጭ ወታደራዊ ጫና ነው፦ ከባላንጣ መንግሥታት ጋር መፎካከር ያቃተው አሮጌ መንግሥት ከላይ ይሰነጠቃል፣ ገበሬው ደግሞ ከታች ይነሳል። በእርግጥ አብዮት ያልደረሰባቸውን ጃፓንንና ፕሩሺያን የመሳሰሉ አገሮችንም በንጽጽሯ አስገብታለች።

ባርባራ ጌዴስ እ.ኤ.አ. በ1990 ይህን አንድ ምሰሶ ወደ ላቲን አሜሪካ ወስዳ ፈተነችው። ጫናውን በጦርነት በመሸነፍ ለካችው፤ ውጤቱም በ20 ዓመት ውስጥ ይታይ አለች። ቦሊቪያ ለክርክሩ የሚመች ምስክር ሆነች፤ በቻኮ ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1935 ተሸነፈች፣ በ1952 አብዮት ተነሳባት። ፔሩ ግን በ1880ዎቹ መጀመሪያ በቺሊ ክፉኛ ተመትታ፣ መዲናዋ ሳይቀር ተይዛ፣ አብዮት አልመጣባትም። በአንጻሩ ኩባ በ1959፣ ኒካራጓ በ1979 ሽንፈት ሳይቀድማቸው አብዮት አስተናገዱ። በሦስቱ ታላላቅ አብዮቶች ጎልቶ የታየው ንድፍ ብዙ አገር ሲደረደር ደበዘዘ።

ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው ስታቲስቲክስ አሸነፈ፤ የጥቂት አገር ጥናት ተረት ተረት ነው» ማለት ሌላ ስሕተት ነው። መጀመሪያ ክርክሩ ምን ዓይነት እንደሆነ መለየት ይገባል። «ያለ ሽንፈት አብዮት አይኖርም» የሚል ከሆነ አብዮት የተነሳባቸውን አገሮች መርምሮ ሽንፈት የሌለበትን መፈለግ ትክክለኛ ፈተና ነው፤ ኩባ ብቻዋን ትበቃለች። «ሽንፈት የአብዮትን ዕድል ይጨምራል» ከሆነ ግን የተሸነፉትን ካልተሸነፉት ጋር ሳያነጻጽሩ መልስ አይገኝም። በዚያ ላይ ስኮችፖል የንድፈ ሐሳቧን ወሰን በቅኝ ግዛት ካልተያዙ አሮጌ የግብርና መንግሥታት አላሳለፈችም፤ ላቲን አሜሪካ ተገቢ መፈተኛ ነው ወይ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ብዙ አገር የሚደረደርበት ትልቅ ሠንጠረዥም የራሱ ድካም አለው፤ ይህን ለማየት ኢትዮጵያን ማስገባት ይበቃል። አጥኚው በ1928 ዓ.ም. ላይ ሲደርስ ምን ይሞላል? ጣልያን አዲስ አበባን ይዟል፣ ንጉሠ ነገሥቱ ተሰደዋል፤ ስለዚህ «ሽንፈት» ይላል። በ1933 ዓ.ም. ግን ንጉሡ ተመልሰዋል፣ ወራሪው ተባሯል። ይህንንስ በምን ሣጥን ያስቀምጠው? የ20 ዓመቱን ወሰን ከተከተለ አገሪቱ ሁለቴ ትጻፋለች፦ አንዴ «ሽንፈት፣ አብዮት የለም»፣ አንዴ ደግሞ በ1966 «አብዮት፣ ሽንፈት የለም»። ሁለቱም ክርክሩን ያዳክማሉ። የኮምፒውተሩ ስሌት ያለ እንከን ቢሠራም ውጤቱ በዚህ የአጥኚ ውሳኔ ላይ የቆመ ነው።

የአንድ አገር ጥናት ዋጋ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ከንድፉ የወጣውን ጉዳይ ከውስጥ ያነባል። በጥር 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና ያሉ ወታደሮች ያመጹት በመጥፎ ምግብና በመጠጥ ውሃ እጦት ተማረው ነው። ሊያጣሩ የተላኩትን ጄኔራል አግተው የእነሱን ምግብ እንዲበሉ፣ የእነሱን ውሃ እንዲጠጡ አደረጓቸው። በየካቲት የነዳጅ ዋጋ ንሮ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም አድማ መቱ። የወሎው ረሃብ በዚያ ላይ ነበር። መንግሥቱን ከውስጥ የሰነጠቀው የራሱ ሠራዊት ነው፤ ለዚህ ደግሞ በጦር ሜዳ መሸነፍ አላስፈለገም። የስኮችፖል ሰፊ ሐሳብ፣ ማለትም መንግሥት ከላይ ሲሰነጠቅ አብዮት መንገድ ያገኛል የሚለው፣ በከፊል ይቆማል፤ የወደቀው ሽንፈትን ብቸኛ መነሻ የሚያደርገው ንባብ ነው።

ጥናቱን የሚነድፍ ሰው ስለዚህ በመጀመሪያ የአገሮቹን ዝርዝር አብዮት መኖር አለመኖሩን ሳያይ ያወጣል፤ መለኪያውንም አስቀድሞ በጽሑፍ ያሰፍራል። ቀጥሎ ከንድፉ ጋር የገጠመች አንዲት አገር፣ ለምሳሌ ቦሊቪያን፣ ካፈነገጠች አንዲት ጋር መርጦ ወደ ሰነድ ይወርዳል። በቦሊቪያ የሚፈልገው የቻኮ ዘማቾች ከጦርነቱ በኋላ በአመጹ ውስጥ የነበራቸውን ድርሻ ነው። በሽንፈቱና በአብዮቱ መካከል ያሉት 17 ዓመታት እንዲህ ባለ ሰንሰለት ካልተያያዙ፣ ቦሊቪያ በሠንጠረዡ ላይ «ገጥማለች» መባሏ የአጋጣሚ ሊሆን ይችላል።