ዶሮው ታጥቦ ሲጠራ ጀርሙ የት ይሄዳል?

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ከኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ያካሄደው አንድ ጥናት በ2019 ይፋ ሆነ። ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ካሜራ በተገጠመላቸው የሙከራ ማዕድ ቤቶች ውስጥ ምግብ እንዲሠሩ ተጋበዙ። የተሰጣቸው ሥራ ቀላል ነበር፤ የዶሮ ታፋ ያበስላሉ፣ ከጎኑ የሚቀርብ ሰላጣ ያዘጋጃሉ። ተመራማሪዎቹ ግን ታፋዎቹን አስቀድመው ጉዳት በማያደርስ የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ቀብተዋቸዋል። ባክቴሪያው እንደ ምልክት ሆኖ እንዲያገለግል ነው፤ ማብሰሉ ሲያልቅ በተገኘበት ቦታ ሁሉ የዶሮው ጀርም እዚያ ደርሷል ማለት ነው።

ዶሮውን ካጠቡት ሰዎች መካከል በ60 በመቶዎቹ ሲንክ ውስጥ ባክቴሪያው ተገኘ። ይህ ብዙም አያስደንቅም ይሆናል። የሚያሳስበው ሲንካቸውን ለማጽዳት ከሞከሩ በኋላም እንኳ በ14 በመቶዎቹ ሲንክ ባክቴሪያው እንዳለ መገኘቱ ነው። ካጠቡት ውስጥ 26 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ ባክቴሪያውን ወደ ሰላጣው አሻግረውታል። ዶሮው እሳት ላይ ይወጣል፣ ሰላጣው ግን እንዳለ ይበላል።

ብዙ ሰው ዶሮ የሚያጥበው ደሙና ዝልግልጉ እንዲለቅለት ነው። ውሃው እየጠራ ሲሄድ ዶሮው የጸዳ ይመስላል። ደሙ በእርግጥ ይሄዳል። በዓይን የማይታዩት ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር ግን ቆዳው ላይ ላባ በተነቀለባቸው ቀዳዳዎችና በሥጋው እጥፋት ውስጥ ይቀመጣሉ፤ አንዳንዶቹ ተጣብቀው ይቀራሉ፣ የለቀቁት ደግሞ ከውሃው ጋር ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳሉ። የሎሚና የጨው እጥበት ሽታውን ይቀንሳል፣ ጣዕሙንም ያሳምራል፤ ባክቴሪያውን አስተማማኝ በሆነ መንገድ የመግደል አቅም ግን የለውም። ያን የሚያደርገው ሙቀት ነው። የሥጋው ወፍራሙ ክፍል እስከ ውስጡ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ እነዚህ ጀርሞች ይሞታሉ፤ ቀድሞ መታጠቡም አለመታጠቡም እዚያ ላይ ለውጥ አያመጣም።

ታዲያ ውሃው ጀርሙን እንዴት ይበትነዋል? በ2022 ፊዚክስ ኦፍ ፍሉይድስ በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ይህንኑ ለማወቅ ጥሬ ዶሮን ከቧንቧ ሥር አድርጎ በዙሪያው ባክቴሪያ የሚያድግባቸውን ሳህኖች ደረደረ። ፍንጣቂው ካረፈባቸው ሳህኖች ላይ ከዶሮው የመጡ ባክቴሪያዎች በቀሉ። ቧንቧው ከፍ ባለ መጠን ፍንጣቂው በዛ፤ ውሃው ከከፍታ ሲወርድ ቀጥ ያለ መስመሩን እያጣ ስለሚቆራረጥ ነው። ከሁሉም የሚገርመው ግን የዶሮው ልስላሴ ያመጣው ነገር ነው። የውሃው ኃይል ለስላሳውን ሥጋ ጎድጎድ ያደርገዋል፣ ውሃው ከጉድጓዱ ተጠማዞ ወደ ውጭ ይወረወራል። በዚህ የተነሳ ዶሮ ከጠንካራ ነገር የበለጠ ውሃ ይፈነጥቃል። የእንግሊዝ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲም በ2014 ዶሮ አትጠቡ የሚል ዘመቻ በከፈተበት ወቅት ጠብታዎቹ ከ50 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊርቁ እንደሚችሉ አስታውቋል። በጠባብ ማዕድ ቤት ውስጥ በዚህ ርቀት ላይ ምን ምን እንደሚገኝ ማሰብ ይበቃል፦ የታጠበ ብርጭቆ፣ የተከተፈ ቲማቲም፣ የተከፈተ የእንጀራ ሞሰብ።

ጉዳዩ ሳይታወቅ የሚያልፈውም ሕመሙ ስለሚዘገይ ነው። ካምፒሎባክተር አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አምስት ቀን ቆይቶ ነው ተቅማጥ፣ ትኩሳትና የሆድ ቁርጠት የሚያስከትለው። ያኔ የታመመው ሰው የሚወቅሰው ትናንት ውጭ የበላውን ምግብ ነው እንጂ ከቀናት በፊት ቤት ውስጥ የታጠበውን ዶሮ አይደለም።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ታርዶ፣ ተጠርጎና ታሽጎ ከሱቅ ስለሚገዛ ዶሮ ነው። ዋሽንግተን ወይም ለንደን ያለች እናት ከሱፐርማርኬት ያመጣችውን ዶሮ በሎሚ ደጋግማ የምታጥበው የአገር ቤት ልማዷ አብሯት ስለተሻገረ ነው። አገር ቤት ግን ለእጥበቱ በቂ ምክንያት አለ። ለበዓል እቤት የታረደ ዶሮ በፈላ ውሃ ተነክሮ ላባው ይነጫል፣ በእሳት ይለበለባል፣ ሆድ ዕቃው ይወጣል፣ ከዚያም በ12 ብልት ይበለታል። ጥላሸት፣ የላባ ቁራጭ፣ ደምና አንዳንዴም ከአንጀት የፈሰሰ ነገር ይኖርበታል። እንዲህ ያለውን ዶሮ አትጠቡ ማለት ተገቢ ምክር አይሆንም። ጥያቄው ይታጠብ ወይስ አይታጠብ ሳይሆን እንዴትና የት ይታጠብ የሚለው ነው።

የዶሮ ወጡም ራሱ ብዙ አያሰጋም። ብልቶቹ ቁሌቱ ውስጥ ገብተው ለረጅም ጊዜ ይንተከተካሉ፤ በዚያ ሙቀት የሚተርፍ ሳልሞኔላ የለም። አደጋው ያለው አብሮት በሚቀርበው ላይ ነው። አይቡ እሳት አይነካውም፣ ሰላጣውም እንደዚያው፤ የተቀቀለው እንቁላል ደግሞ የሚላጠው ብልቱን ሲያጥብ በቆየው እጅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በበዓል ዋዜማ ቅደም ተከተሉን መለወጥ ብቻ ብዙ ይጠቅማል። ጥሬውን የሚበላው ነገር አስቀድሞ ተሠርቶ፣ ተከድኖ፣ ከአካባቢው ይነሣ፤ ዶሮው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

እጥበቱ በሚፈስ ቧንቧ ሥር ሳይሆን ጎድጓዳ ሳፋ ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። መጀመሪያ ውሃው ይሞላል፣ ከዚያ ብልቶቹ ቀስ ተብለው ይገባሉ፤ ሥጋው ውሃ ውስጥ እንደተጠለቀ በእጅ ሲታሽ ፍንጣቂው እጅግ ይቀንሳል። ውሃው ሲቀየርም ከከፍታ ሳይሆን ከመውረጃው ጠጋ ተብሎ ቀስ ተደርጎ ይደፋል። ከሱቅ የመጣ ዶሮ ከሆነ ግን እርጥበቱን በወረቀት ፎጣ አድርቆ፣ ፎጣውን ወዲያው ቆሻሻ ውስጥ መጣል በቂ ነው።

ይሁንና አለማጠብ ብቻውን መፍትሔ እንዳልሆነ ያው የአሜሪካ ጥናት ያሳያል። ዶሮውን ካላጠቡት ተሳታፊዎች መካከልም 31 በመቶ የሚሆኑት ባክቴሪያውን ሰላጣቸው ላይ አድርሰውታል። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ያገኙት እጅን በሚገባ ባለመታጠብና በሲንኩ መበከል ላይ ነው። ጥሬ ዶሮ የነካ እጅ የቅመም ዕቃውን ይከፍታል፣ የማቀዝቀዣውን በር ይስባል፣ ቧንቧውን ይዘጋል። እጅ በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ መታሸት ያለበት ወዲያው ዶሮውን እንዳስቀመጡ ነው።

ሲንኩ፣ ሳፋው፣ ቢላዋውና መክተፊያው በመጀመሪያ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠባሉ። በረኪና የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቅባትና የሥጋ ቅሪት ባለበት ቦታ ላይ በረኪና ኃይሉን ያጣልና። ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና 1 የሾርባ ማንኪያ በ4 ሊትር ያህል ውሃ ተበጥብጦ ይፈስበታል፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በራሱ እንዲደርቅ ይተዋል። ዶሮው የታጠበበትን ቦታ የወለወለ ጨርቅ ወይም ስፖንጅ በዚያው ዕለት ሌላ ዕቃ ሊታጠብበት አይገባም፤ ጨርቁ ይቀቀል፣ ስፖንጁ ይጣል።