156ን በሁለት ምልክት ብቻ መጻፍ

አንድ መቶ ሃምሳ ስድስት በግዕዝ ቁጥር ሲጻፍ ፻፶፮ ነው። ሦስቱም ምልክቶች ዋጋቸውን ይዘው የሚዞሩ ናቸው። መካከል ላይ ያለውን ፶ አውጥተን ለብቻው ብናስቀምጠው ያው ሃምሳ ነው። በ156 ውስጥ ያለው 5 ግን ለብቻው ሲሆን አምስት ብቻ ነው፤ ሃምሳ ያደረገው ከቀኝ ሁለተኛው ቤት፣ ማለትም የአስር ቤት ውስጥ መቀመጡ ነው። በዚህ አጻጻፍ ከፊሉን ሥራ የሚሠራው ምልክቱ ሲሆን፣ ከፊሉን ደግሞ ቦታው ይሠራል።

ኮምፒውተር የሚጠቀምበት ባይነሪ ይህንኑ አሠራር እስከ መጨረሻው ይገፋዋል። ያሉት ምልክቶች 0 እና 1 ብቻ ስለሆኑ ሥራው ሁሉ ማለት ይቻላል በቦታው ላይ ይወድቃል። በለመድነው አቆጣጠር አንድ ቤት ከዘጠኝ በላይ መያዝ አይችልም፤ አስር ሲሞላ አንድ ሆኖ ወደ ግራ ይሻገራል። ቤቶቹ አንድ፣ አስር፣ መቶ እያሉ በአስር እጥፍ የሚያድጉት ለዚህ ነው። በባይነሪ አንድ ቤት ከአንድ በላይ አይዝም፤ ሁለት ሲሞላ ይሻገራል። ስለዚህ ቤቶቹ ከቀኝ ወደ ግራ የአንድ ቤት፣ የሁለት ቤት፣ የአራት ቤት፣ የስምንት ቤት፣ ከዚያም የ16፣ የ32፣ የ64፣ የ128 ቤት እያሉ በእጥፍ ያድጋሉ። በየቤቱ የሚጻፈውም ለአንድ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው፦ ይህ መጠን በቁጥሩ ውስጥ አለ ወይስ የለም? ካለ 1፣ ከሌለ 0። የባይነሪን 10 «አስር» ብሎ ማንበብ የማይገባውም ለዚህ ነው። «አንድ ዜሮ» ተብሎ ይነበባል፤ ዋጋው ሁለት ነው።

አሁን 156ን ወደ ባይነሪ እንለውጥ። የተለመደው ዘዴ ቁጥሩን ደጋግሞ ለሁለት ማካፈል፣ በየጊዜው የሚተርፈውን ቀሪ መመዝገብ፣ በመጨረሻም ቀሪዎቹን ከታች ወደ ላይ ማንበብ ነው። ብዙ ሰው ይህን በቃሉ ይዞታል፤ ለምን ከታች ወደ ላይ እንደሚነበብ ግን እምብዛም አይነገረውም። ምክንያቱን ለማየት 156 ተማሪዎች በትምህርት ቤት ግቢ ተሰብስበዋል እንበል።

ሁለት ሁለት ሆነው እንዲቆሙ ብናደርግ 78 ጥንድ ይሆናሉ፤ ብቻውን የሚቀር ተማሪ የለም። ስለዚህ በአንድ ቤት 0 እንጽፋለን። ቀጥሎ ጥንዶቹን እርስ በርስ እናጣምር። 39 ባለ አራት ቡድን ይወጣል፤ የተረፈ ጥንድ የለም፤ የሁለት ቤትም 0 ነው። ባለ አራቶቹን ስናጣምር ግን ነገሩ ይለወጣል። 39 ለሁለት እኩል አይከፈልምና 19 ባለ ስምንት ቡድን ተሠርቶ አንድ ባለ አራት ቡድን አጣማሪ አጥቶ ይቀራል። ያ የቀረው አንድ ተማሪ ሳይሆን አራት ተማሪ ነው። በአራት ቤት 1 የሚጻፈውም ስለዚህ ነው።

በዚሁ እንቀጥል። 19 ባለ ስምንቶች 9 ባለ 16 ይሆኑና አንድ ባለ ስምንት ይተርፋል። 9 ባለ 16ቶች 4 ባለ 32 ይሆኑና አንድ ባለ 16 ይተርፋል። 4ቱ ወደ 2 ባለ 64፣ 2ቱ ወደ 1 ባለ 128 ሲጣመሩ የሚተርፍ የለም። የመጨረሻው ባለ 128 ቡድን ግን የሚጣመረው ሌላ ቡድን ስለሌለ እሱ ራሱ ቀሪ ይሆናል። በወረቀት ሲሠራ ይህን ይመስላል፦

```
156 ÷ 2 = 78   0
 78 ÷ 2 = 39   0
 39 ÷ 2 = 19   1
 19 ÷ 2 =  9   1
  9 ÷ 2 =  4   1
  4 ÷ 2 =  2   0
  2 ÷ 2 =  1   0
  1 ÷ 2 =  0   1
```

መጀመሪያ የተገኘው ቀሪ ነጠላ ተማሪዎችን የሚመለከት ስለሆነ ቦታው በስተቀኝ ጫፍ ነው፤ የመጨረሻው ትልቁን ቡድን ስለሚመለከት ቦታው በስተግራ ጫፍ ነው። ከታች ወደ ላይ ስናነብ 10011100 እናገኛለን። 1 የተጻፈባቸውን ቤቶች ብንደምር 128 + 16 + 8 + 4 ይሆናል፤ ድምሩም 156 ነው።

ስህተት በብዛት የሚገባው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ቀሪዎቹን ከላይ ወደ ታች ማንበብ ነው። ያኔ 00111001 ይወጣል፤ ይህም 57 ነው። እዚህ ላይ ሳይደምሩ ስህተቱን መያዝ ይቻላል። ከአንድ ቤት በስተቀር ሌሎቹ ቤቶች በሙሉ ተጋማሽ ቁጥር ስለሚቆጥሩ፣ ቁጥሩ ተጋማሽ ከሆነ የቀኝ ጫፉ 0፣ ኢተጋማሽ ከሆነ 1 መሆን አለበት። 156 ተጋማሽ ሆኖ ሳለ መልሱ በ1 ካለቀ ንባቡ ተገልብጧል። ሁለተኛው ስህተት ድርሻው 1 ላይ ሲደርስ ማቆም ነው። ሥራው የሚያበቃው ድርሻው 0 ሲሆን ነው። በእኛ ምሳሌ የመጨረሻው መስመር ቢዘለል 0011100 ይቀራል፤ ዋጋው 28 ነው። የጎደለው 128 ያ ትልቁ ቡድን ነው። ትክክለኛ መልስ በግራ ጫፉ ሁልጊዜ 1 ስለሚኖረው፣ በ0 የሚጀምር መልስ ያጠራጥራል።

ወደ ኋላ ለመመለስ፣ ከባይነሪ ወደ አስርዮሽ፣ ቤቶቹን መደመር ይበቃል። እኔ ግን ሌላውን መንገድ እመርጣለሁ፤ የቤቶቹን ዋጋ ማስታወስ አይጠይቅም፣ የመጀመሪያውንም ሥራ ይፈትሻል። ከግራ ጫፍ በ1 እንጀምራለን፤ ወደ ቀኝ አንድ ቤት በተራመድን ቁጥር የያዝነውን እጥፍ አድርገን የደረስንበትን ምልክት እንጨምራለን። በ10011100 ላይ ሲሠራ፦ 1፤ እጥፉ 2 ሲደመር 0፣ 2፤ እጥፉ 4 ሲደመር 0፣ 4፤ እጥፉ 8 ሲደመር 1፣ 9። ከዚያ 19፣ 39፣ 78፣ 156 እያለ ይደርሳል። እነዚህን ቁጥሮች ቀደም ሲል በማካፈሉ ላይ አይተናቸዋል። ቡድኖቹን አንድ በአንድ እየፈታን የመጣንበትን መንገድ እየተመለስንበት ነው፤ በመካከል አንድ ቁጥር ካልገጠመ ስህተቱ የተሠራበት መስመር እዚያው ይታወቃል።

ይህ እየከፈሉ ቀሪውን የማየት ዘዴ በአንዳንድ የሒሳብ ጽሑፎች «የኢትዮጵያ ማባዛት» በሚባለው አሠራር ውስጥም አለ። ያው አሠራር የሩሲያ ገበሬዎች ማባዛት እየተባለም ይጠራል፤ የጥንት ግብፆችም በማጠፍ ያባዙ ነበር። 19ን በ12 ለማባዛት 19ን ለሁለት እየከፈልን ቀሪውን እንጥላለን፤ በጎኑ 12ን እያጠፍን እንወርዳለን።

```
19    12
 9    24
 4    48
 2    96
 1   192
```

በግራ ተጋማሽ ቁጥር ያለባቸውን ሁለት መስመሮች፣ የ4ንና የ2ን፣ እንሰርዛለን። የቀሩትን የቀኝ ቁጥሮች ስንደምር 12 + 24 + 192 = 228 ይሆናል፤ የ19 እና የ12 ብዜትም ይኸው ነው። ያልተሰረዙት መስመሮች ለሁለት ሲከፈሉ 1 የሚተርፋቸው ናቸው። ከታች ወደ ላይ፣ ለተያዘው 1፣ ለተሰረዘው 0 ብንጽፍ 10011 እናገኛለን። ይህ 16 + 2 + 1፣ ማለትም 19 በባይነሪ ነው። በቀኝ ያሉት 12፣ 24 እና 192 ደግሞ የ12 አንድ እጥፍ፣ ሁለት እጥፍና 16 እጥፍ ናቸው። በዚህ መንገድ የሚያባዛ ሰው 0 እና 1 ባይጽፍም፣ የሚሰርዘውን መስመር በመረጠ ቁጥር 19ን ወደ ባይነሪ እየለወጠ ነው።