ወርን ከወር ማነጻጸርና ተንቀሳቃሽ በዓላት፦ የፋሲካ ሰሞን የማስታወቂያ ውጤት እንዴት ሊነበብ ይገባል?

የዲጂታል ማስታወቂያ መድረኮች የአንድን ወር ውጤት ካለፈው ወር ወይም ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር በቀላሉ ጎን ለጎን ያቀርባሉ። የገበያ ጥናት ባለሙያዎችም አንድ ማስታወቂያ ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለውን ውሳኔ ብዙ ጊዜ የሚወስኑት በዚሁ ንጽጽር ላይ ተመሥርተው ነው። ንጽጽሩ ግን አንድ ያልተጻፈ ግምት አለው። ይኸውም ሁለቱ ወራት ከማስታወቂያው በስተቀር በሌላው ነገር ሁሉ ተመሳሳይ ናቸው የሚል ነው። የገዢው ፍላጎት በበዓላትና በአጽዋማት በሚመራበት ገበያ ይህ ግምት አይጸናም። በዓሉ ከዓመት ዓመት ቀኑን የሚቀይር ሲሆን ደግሞ ችግሩ በእጥፍ ይጨምራል። ይህ ጽሑፍ የፋሲካን በዓል እንደ ማሳያ በመውሰድ ስሕተቱ እንዴት እንደሚፈጠርና በምን መንገድ ሊቀነስ እንደሚችል ያብራራል።

የቀን መቁጠሪያው ችግር

መድረኮቹ የሚዘግቡት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። የፋሲካ በዓል በ2016 ዓ.ም. የዋለው ሚያዝያ 27 ቀን፣ ማለትም ሜይ 5 ቀን 2024 ሲሆን፣ በ2017 ዓ.ም. ግን ሚያዝያ 12 ቀን፣ ማለትም ኤፕሪል 20 ቀን 2025 ነበር። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሁለቱም በሚያዝያ ውስጥ ቢውሉም፣ በመድረኩ ዘገባ አንዱ በሜይ ሌላው በኤፕሪል ይመዘገባል። ከበዓሉ በፊት ያሉት ሁለት የግዢ ሳምንታት በ2017 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ በኤፕሪል ውስጥ ወድቀዋል። በ2016 ዓ.ም. ግን አሥሩ ቀናት በኤፕሪል፣ የቀሩት አራቱ በሜይ ነበሩ። ስለዚህ በሁለቱ ዓመታት «ኤፕሪል» እና «ሜይ» የሚሉት ስሞች የሚያመለክቱት አንድ ዓይነት ገበያ አይደለም።

ከፋሲካ ጋር አብረው የሚንቀሳቀሱ ሌሎች ነገሮችም አሉ። ዐቢይ ጾም ከፋሲካ በፊት 55 ቀን ይቆያል። በጾሙ ወቅት በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ሠርግ ስለማይደገስ፣ የተጠራቀመው የሠርግ ፍላጎት የሚፈታው ከበዓሉ በኋላ ነው። የሐዋርያት ጾም የሚጀምረው ከጰራቅሊጦስ ማግሥት በመሆኑ እርሱም ፋሲካን ተከትሎ ይመጣል። የምግብ፣ የአልባሳትና የድግስ ዕቃ ሻጮች ፍላጎት በዚህ ሰንሰለት ይመራል።

አንድ ማሳያ

ነገሩን በቁጥር ለማየት የሐበሻ ልብስ የሚሸጥ አንድ የአዲስ አበባ ሱቅ ይታሰብ። ቁጥሮቹ ለማብራሪያ ብቻ የተቀመጡ እንጂ ከእውነተኛ ሱቅ የተወሰዱ አይደሉም። ሱቁ በሁለቱም ዓመታት ለማስታወቂያ በቀን 1,000 ብር ያወጣል። በ2016 ዓ.ም. በአዘቦት ቀን 8 ትእዛዝ፣ ከበዓሉ በፊት ባሉት 14 ቀናት በየቀኑ 20፣ ከበዓሉ ዕለት ጀምሮ ባሉት 7 ቀናት ደግሞ በየቀኑ 4 ትእዛዝ ይቀበል ነበር። በ2017 ዓ.ም. ንግዱ በመስፋፋቱ ሦስቱም ቁጥሮች በሩብ አድገው 10፣ 25 እና 5 ሆነዋል። ከሜይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሱቁ ማስታወቂያውን በአዲስ ይተካል። አዲሱ ማስታወቂያ ትእዛዝን በ20 በመቶ የሚያሳድግ በመሆኑ የአዘቦቱ ቁጥር ከ10 ወደ 12 ይደርሳል እንበል። የሱቁ ባለቤት ይህን 20 በመቶ አያውቀውም፤ ሊያውቀው የሚችለው በንጽጽር ብቻ ነው።

ሦስት የተለመዱ ንጽጽሮች የሚሰጡት መልስ እንደሚከተለው ይሆናል። የኤፕሪል 2025 ትእዛዝ በድምሩ 475፣ የሜይ 2025 ደግሞ 372 ነው። ወር ከወር ሲነጻጸር ትእዛዝ በ22 በመቶ ወርዷል። የአንድ ትእዛዝ የማስታወቂያ ወጪም ከ63 ብር ወደ 83 ብር፣ ማለትም በ32 በመቶ ገደማ ንሯል። ይህን ብቻ ያየ ሰው አዲሱን ማስታወቂያ ያቆመዋል።

ሁለተኛው ንጽጽር ሜይ 2025ን ከሜይ 2024 ጋር ያስተያያል። የሜይ 2024 ድምር 268 ስለነበር ዕድገቱ 39 በመቶ ነው። ይህ ቁጥር ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም የንግዱን መስፋፋትና የማስታወቂያውን ውጤት ቀላቅሏል። የሁለቱ ድምር ውጤት በእውነቱ 50 በመቶ ቢሆንም፣ በሜይ 2024 አራት የበዓል ዋዜማ ቀናትና ሰባት የቀዘቀዙ ቀናት በመኖራቸው ልኩ ተዛብቷል።

ሦስተኛው ንጽጽር የተሻለ ጥንቃቄ ይታይበታል። ከኤፕሪል ወደ ሜይ የታየውን ለውጥ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ለውጥ ጋር ያነጻጽራል። በ2025 የሜይ ትእዛዝ የኤፕሪል 78 በመቶ ሲሆን በ2024 ደግሞ 74 በመቶ ነበር (268 ለ360)። የሁለቱ ምጣኔ 1.05 ስለሚሆን ማስታወቂያው 5 በመቶ ብቻ ጠቅሟል የሚል ድምዳሜ ይወጣል። የንግዱ ዕድገት በዚህ ስሌት ተጣጥቷል፤ የበዓሉ መንቀሳቀስ ግን አልተጣጣም።

ቀናትን ከበዓሉ አንጻር መቁጠር

መፍትሔው የወርን ስም ትቶ ቀናትን ከበዓሉ አንጻር መቁጠር ነው። የፋሲካ ዕለት ዜሮ ይባላል፤ የቀደሙት ቀናት በአሉታዊ፣ የተከተሉት በአዎንታዊ ቁጥር ይጠራሉ። ቀጥሎ ሁለት መስኮቶች ይመረጣሉ። አንዱ በሁለቱም ዓመታት አሮጌው ማስታወቂያ የሠራበት፣ ሌላው በ2017 ዓ.ም. ብቻ አዲሱ የሠራበት መሆን አለበት። ሜይ 1 ቀን 2025 ከፋሲካ በኋላ 11ኛው ቀን ስለሆነ ሁለተኛው መስኮት ከዚያ ይጀምራል።

| መስኮት | 2016 ዓ.ም. | 2017 ዓ.ም. |
|---|---|---|
| ከበዓሉ በፊት ያሉት 14 ቀናት | 280 | 350 |
| ከበዓሉ በኋላ ከ11ኛው እስከ 30ኛው ቀን | 160 | 240 |
| የሁለተኛው ለመጀመሪያው ምጣኔ | 0.571 | 0.686 |

0.686 ለ0.571 ሲካፈል 1.20 ይሆናል፤ የማስታወቂያው እውነተኛ ውጤት ተገኘ ማለት ነው። የስሌቱ ቅርጽ በጥናት ዘዴ ትምህርት «የልዩነቶች ልዩነት» ከሚባለው ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ በመቀነስ ፈንታ በማካፈል መሠራቱ ነው። ማካፈል የተመረጠው የበዓል ፍላጎት ከሱቁ መጠን ጋር አብሮ ስለሚያድግ ነው። ፋሲካ ሁልጊዜ በእሑድ ስለሚውል አሰላለፉ የሳምንቱን ቀናትም አብሮ ያስተካክላል። የሠርግ ሰሞኑም በዓሉን ተከትሎ ስለሚመጣ በሁለቱ ዓመታት በአንድ መስኮት ውስጥ ይወድቃል።

አሰላለፉ የማያስተካክላቸው ነገሮች

ከበዓሉ ጋር የማይንቀሳቀስ ነገር ሁሉ በዚህ አሰላለፍ አዲስ መዛባት ሊፈጥር ይችላል። ግልጹ ምሳሌ የደመወዝ ቀን ነው። በኢትዮጵያ የብዙ ሠራተኞች ደመወዝ የሚከፈለው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በወሩ መጨረሻ አካባቢ ነው። የ2017ቱ የዋዜማ መስኮት ከመጋቢት 28 እስከ ሚያዝያ 11 በመሆኑ የመጋቢትን ደመወዝ ይይዛል። የ2016ቱ ግን ከሚያዝያ 13 እስከ 26 ስለሆነ የደመወዝ ቀን ሳይደርስ ያበቃል። ሁለተኛው መስኮትም እንዲሁ ነው። በ2017 ከሚያዝያ 23 እስከ ግንቦት 12 ድረስ ስለሚዘልቅ ደመወዝ ይገባበታል፤ በ2016 ከግንቦት 8 እስከ 27 ስለሆነ አይገባበትም። የደመወዝ ተጽዕኖ በሁለቱም መስኮቶች በእኩል መቶኛ የሚጨምር ከሆነ ምጣኔው ያጣፋዋል። በበዓል ዋዜማ የሚበረታ ከሆነ ግን የ2017ቱ መነሻ ከሚገባው በላይ ስለሚያድግ የማስታወቂያው ጥቅም አንሶ ይታያል። ይህን ለመመርመር የየዕለቱን ትእዛዝ በመሥመር ሥዕል አስቀምጦ፣ የደመወዝ ቀናት ላይ ጉልህ እብጠት መኖር አለመኖሩን ማየት፣ ካለም እነዚያን ቀናት አውጥቶ ስሌቱን መድገም ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ምሳሌ የኢድ አል ፈጥር በዓል ነው። የእስልምናው የቀን አቆጣጠር ጨረቃን የሚከተል በመሆኑ በዓሉ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመለሳል። ፋሲካ ግን አንዳንዴ ወደ ፊት አንዳንዴ ወደ ኋላ ይሄዳል። ኢድ በ2016 ዓ.ም. በሚያዝያ መጀመሪያ፣ በ2017 ዓ.ም. ግን በመጋቢት ውስጥ ውሏል። ደንበኞቹ ከሁለቱም እምነቶች ለሆኑ ሻጭ ቀናትን በአንድ በዓል ብቻ ማሰለፍ ሌላውን በዓል ያዛንፋል። በዚህ ጊዜ የየዕለቱን ትእዛዝ በሪግሬሽን መተንተን፣ ለእያንዳንዱ በዓል ዋዜማና ማግሥት፣ ለደመወዝ ቀንና ለሳምንቱ ቀናት የየራሳቸውን ተለዋዋጭ መስጠት ይመረጣል። ይሁንና የሁለት ዓመት መረጃ የያዘው ሁለት ፋሲካን ብቻ ነው። የቀናቱ ቁጥር ሰባት መቶ ቢደርስም የበዓሉ ተጽዕኖ የሚገመተው ከሁለት ክስተቶች ስለሆነ፣ ጠባብ የስሕተት ወሰን ያለው ውጤት በጥርጣሬ መታየት አለበት።

ለውጡ ከየት እንደመጣ መለየት

የአንድ ትእዛዝ ወጪን ወደ ክፍሎቹ መበተንም ጠቃሚ ምልክት ይሰጣል። ይህ ወጪ የሚወሰነው ማስታወቂያው ለሺህ ጊዜ ለመታየት በሚጠይቀው ዋጋ፣ ካዩት ውስጥ በተጫኑት ድርሻ እና ከተጫኑት ውስጥ ባዘዙት ድርሻ ነው። ማስታወቂያ የሚሸጠው በጨረታ በመሆኑ፣ በበዓል ዋዜማ ብዙ አስተዋዋቂዎች ሲወዳደሩ የእይታው ዋጋ ሊጨምር ይችላል። የመግዛት ፍላጎትም በዚያው ወቅት ስለሚያድግ የማዘዙ ድርሻ ከፍ ይላል። የማስታወቂያው ምስልና ቃል ሲለወጥ ግን ለውጡ በመጀመሪያ የሚጠበቀው በተጫኑት ድርሻ ላይ ነው። በማሳያው ሱቅ የአንድ ትእዛዝ ወጪ ሲንር የተጫኑት ድርሻ ካልወረደና የወረደው የማዘዙ ድርሻ ብቻ ከሆነ፣ ምክንያቱ ማስታወቂያው ሳይሆን የበዓሉ ማለፍ እንደሆነ መጠርጠር ተገቢ ነው። ይህ ግን ማስረጃ ሳይሆን ፍንጭ ነው። አዲስ ማስታወቂያ ብዙ ሰው አስጭኖ የሚገዛውን ላያመጣ ይችላልና።

ጥያቄው ማስታወቂያው ሠርቷል ወይስ አልሠራም የሚል ብቻ ከሆነ፣ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ጊዜን ከጊዜ አለማነጻጸር ነው። ታዳሚውን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ አሮጌውንና አዲሱን ማስታወቂያ በተመሳሳይ ቀናት ማሳየት በዓሉን፣ ጾሙንና ደመወዙን በሁለቱም ወገን እኩል ያደርጋቸዋል። ሆኖም በዋዜማው ሁለት ሳምንት ብቻ የተደረገ ሙከራ የሚናገረው ስለ ዋዜማው ገዢ ነው። ያ ገዢ ለመግዛት አስቀድሞ የቆረጠ ሊሆን ስለሚችል፣ የዚያ ሰሞን አሸናፊ ማስታወቂያ በአዘቦት ቀናትም እንደሚያሸንፍ ለማወቅ ሙከራው ከበዓሉ በኋላ ባሉት ሳምንታት መደገም ይኖርበታል።