ግሩፑን ሳይለቁ ከጫጫታው ማረፍ

የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ያለ ሰው ነገሩን አሳምሮ ያውቀዋል። ገና ሳይነጋ «እንደምን አደራችሁ» የሚል የአበባ ፎቶ ይመጣል፤ ሃያ ሰው ተራ በተራ ይመልስለታል። ቀጥሎ የሚሸጥ ሶፋ፣ የጠፋ ቁልፍ፣ ከሌላ ግሩፕ የተላከ ቪዲዮ፣ በመኪና ማቆሚያ የተነሣ ጭቅጭቅ ይደረደራል። በዚህ ሁሉ መሀል «ውሃ መጥቷል፣ ቶሎ ቅዱ» የምትል አንዲት መስመር ታልፋለች። ማታ ከሥራ መልስ ሲያገኟት ውሃው ሄዷል፤ ጀሪካኑም ባዶ ነው።

ግሩፑን ለቆ መገላገል ለብዙዎቻችን የሚሆን አይደለም። የለቅሶው ጥሪ፣ የእድሩ መዋጮ፣ የኮሚቴው ስብሰባ ዛሬ የሚነገረው እዚያው ነው። የሚያዋጣው ስልኩ ለየትኛው መልእክት እንዲጮህ፣ ለየትኛው ዝም እንዲል፣ የትኛው ደግሞ እስከ ማታ እንዲቆይ ራስዎ መወሰን ነው።

መጀመሪያ በጊዜ መለየት

ቀኑን ቢሮ የምትውል፣ አራተኛ ፎቅ የምትኖር አንዲት ነዋሪ እናስብ። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። መምጣቱን ቶሎ ከሰማች ቤት ላሉት ደውላ «ቅዱ» ትላለች፤ አንድ ሰዓት ከዘገየች ግን መስማቷ ምንም አይጠቅማትም። የጎረቤት ሞት ሌላ ነው። ቀብሩ በ9 ሰዓት ከሆነ ምሳ ሰዓት ላይ ብትሰማ ፈቃድ ጠይቃ ትደርሳለች። የጥበቃ መዋጮና የእሑድ ስብሰባ ደግሞ ማታ ቢነበቡም ምንም አይጎድልባቸውም።

እንግዲህ መለያው ጥያቄ «ይህን አሁን ብሰማ አሁን የማደርገው ነገር አለ ወይ?» የሚለው ነው። መልሱ «አለ» ከሆነ ስልኩ ይጩህ። «የለም» ከሆነ ነገሩ የቱንም ያህል ከባድ ቢሆን ተራው ማታ ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ ለነዋሪዋ መጮህ ያለባቸው ጉዳዮች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ውሃና ቀብር።

ዝም ማሰኘት ሁለት ዓይነት ነው

በአንድሮይድ ስልክ ግሩፑን ከፍተው ከላይ በቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ሲነኩ «Mute» የሚል ያገኛሉ። እሱን ሲነኩ ከሚመጡት አማራጮች መካከል ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። «Mute forever» ማሳወቂያውን ጭራሽ ያስቀረዋል። «Disable sound» ግን ድምፁን ብቻ ነው የሚያጠፋው፤ መልእክቱ ስልኩ አናት ላይ በጸጥታ መታየቱን ይቀጥላል።

«Mute forever» ያሉት ግሩፕም ቢሆን ጨርሶ አይዘጋም። አንድ ሰው ስምዎን በ@ ከጠራ፣ ወይም እርስዎ ለጻፉት መልስ ከሰጠ፣ ማሳወቂያው ይደርስዎታል። አድሚኑ አንድ መልእክት ፒን ሲያደርግም «ለሁሉም አባላት አሳውቅ» የሚለውን ምልክት ካልነሣው በስተቀር፣ ግሩፑን ዝም ላሰኙትም ሰዎች ይደርሳል። ለብዙ ሰው ይህ ብቻውን ይበቃዋል። የተወሰኑ ቃላት ሲመጡ ስልኩ እንዲጮህለት የሚፈልግ ሰው ግን መምረጥ ያለበት «Disable sound»ን ነው። ምክንያቱን ወዲያው እናየዋለን።

ቃል የሚጠብቅ ስልክ

ቴሌግራም ራሱ «ይህ ቃል ሲጻፍ ንገረኝ» የሚባልበት ቦታ የለውም። በአንድሮይድ ላይ ሥራውን የሚሠሩት የሌሎች መተግበሪያዎችን ማሳወቂያ የሚያነቡ እንደ MacroDroid ያሉ መተግበሪያዎች ናቸው። የቴሌግራም ማሳወቂያ ሲመጣ ጽሑፉን ያያሉ፤ የተባለው ቃል ካለበት ድምፅ ያሰማሉ። ግሩፑ «Mute forever» ከተባለ ግን ማሳወቂያው ከነጭራሹ ስለማይመጣ የሚያነቡት ነገር አይኖርም። በቴሌግራም የማሳወቂያ ማስተካከያ ውስጥ የመልእክቱ ጽሑፍ እንዳይታይ ከተደረገም ውጤቱ ያው ነው።

በMacroDroid አዲስ ማክሮ ይከፈታል፤ መነሻው «Notification Received» ይሆናል፤ ከመተግበሪያዎቹ ቴሌግራም ይመረጣል፤ ቃሉ ይጻፋል። በመጨረሻም የሚፈጸመው ድርጊት ይመረጣል፤ ድምፅ ወይም ንዝረት ሊሆን ይችላል። ይህን ያህል ቀላል ነው። ሥራ የሚበዛው ቃሉ ላይ ነው፤ አማርኛችን አንዱን ቃል በብዙ መልክ ይጽፈዋልና። ነዋሪዋ «ውሃ» ብላ ብትሞላ፣ «ውኃ» ወይም «ዉሃ» ብሎ የጻፈው ጎረቤት ያመልጣታል፤ በላቲን ፊደል የጻፈውም እንዲሁ። ስለዚህ የሬጉላር ኤክስፕሬሽን ምልክቱን አብርታ ሁሉንም በአንድ መስመር ታሰልፋቸዋለች፦

```
ውሃ|ውሀ|ውኃ|ዉሃ|[Ww]uha
```

በመሀል ያለው ቀጥ ያለ መስመር «ወይም» ማለት ነው። «የውሃ» እና «ውሃው» ውስጥም «ውሃ» ሳይለወጥ ስላለ እነሱም ይያዛሉ። ሁሉም ቃል ግን እንዲህ አይገራም። «ቀብር» ብለው ቢሞሉ «ቀብሩ በ9 ሰዓት ነው» የሚለው አይያዝም፤ «ር» ወደ «ሩ» ተቀይሯልና ለስልኩ ሌላ ፊደል ነው። «መብራት» እና «መብራቱ»ም እንደዚያው ናቸው። መፍትሔው የሚቀያየረውን የመጨረሻ ፊደል መተው፣ ማለትም «መብራ» ብሎ መሙላት፣ ወይም መልኮቹን መዘርዘር ነው፦

```
ቀብር|ቀብሩ|ለቅሶ|አርፈዋል|አረፉ
```

ቃሉን በጣም ማሳጠርም ሌላ ጣጣ ያመጣል። «ውሃ»ን በላቲን «wha» ብለው የሚጽፉ አሉ ተብሎ እሱ ቢጨመር፣ «what» የሚል እንግሊዝኛ በመጣ ቁጥር ስልኩ ይጮሃል።

ይህን መንገድ ከመያዝዎ በፊት ልብ ይበሉ። እንዲህ ያለ መተግበሪያ የማሳወቂያ ፈቃድ ሲሰጠው የሚያየው የግሩፑን ጽሑፍ ብቻ አይደለም፤ ከባንክ የሚላክልዎትን የማረጋገጫ ኮድም ሊያይ ይችላል። ስለዚህ ከታወቀው የመተግበሪያ መደብር ብቻ ይጫን፤ በቴሌግራም ፋይል የተላከልዎትን አይጫኑ። የአይፎን ተጠቃሚዎች ግን በዚህ በኩል መንገድ የላቸውም፤ አይፎን አንዱ መተግበሪያ የሌላውን ማሳወቂያ እንዲያነብ አይፈቅድም። ለእነሱ የሚቀራቸው ፒኑ፣ የ@ ጥሪውና የዕለት ንባቡ ነው።

ወጥመዱ መሥራቱ በምን ይታወቃል?

ጎረቤትዎን «የውሃ ሙከራ» ብለው ግሩፑ ላይ እንዲጽፉልዎት ይጠይቁ። ስልኩ ከጮኸ፣ ተዘግቶ ኪስ ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ሙከራውን ይድገሙት። በመጀመሪያው ጮሆ በሁለተኛው ዝም ካለ፣ ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ መተግበሪያውን አስተኝቶታል ማለት ነው፤ በባትሪ ማስተካከያው ውስጥ ገደቡን ያንሡለት።

በመጀመሪያው ሳምንት «ውሃ የለም እንዴ?» የሚለው ጥያቄም ስልኩን ማስጮሁ አይቀርም። ይህን ለማስቀረት ብሎ «ውሃ መጣ» የሚለውን ብቻ መጠበቅ ያጓጓል፤ ነገር ግን «ውሃ ለቀቁ» ያለው ያመልጣል። ለውሃ ሲሆን በከንቱ ሦስት ጊዜ መጮሁ አንዴ ከማምለጡ ይሻላል። ለመዋጮ ቢሆን ኖሮ ፍርዱ ተቃራኒ በሆነ ነበር።

ከሁሉ የሚብሰው ቀዳዳ ግን ጽሑፍ ያልሆነው መልእክት ነው። ኮሚቴው ማኅተም ያረፈበትን ማስታወቂያ ፎቶ አንሥቶ ሲለጥፍ፣ ወይም ሰብሳቢው በድምፅ መልእክት ሲናገሩ፣ ውስጡ ያለውን ቃል ማንም መተግበሪያ ከማሳወቂያው ላይ አያነበውም። የዕለቱ ንባብ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

የዕለቱ ንባብ፦ ከላይ ወደ ታች አይደለም

ነዋሪዋ ግሩፑን በቀን ሁለቴ ትከፍታለች፤ በምሳ ሰዓትና ምሽት 2 ሰዓት ላይ። የምሳው ንባብ ለቀብርና ለመሳሰለው ነው፤ ከሰዓት በኋላ ያለውን ይቀድማል። የምሽቱ ለቀረው ሁሉ ነው።

ያልተነበበውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መከታተል ጊዜ ይበላል። ስለዚህ ቅደም ተከተል ይኑረው። ግሩፑ አናት ላይ ፒን የተደረገው ይቅደም። ከዚያ ከታች በቀኝ በኩል የ@ ምልክት ካለ ይነካ፤ ስምዎ ወደተጠራበት መልእክት በቀጥታ ይወስድዎታል። ቀጥሎ በግሩፑ ውስጥ ባለው መፈለጊያ የሰብሳቢውን መልእክቶች ብቻ ማውጣት ይቻላል፤ መፈለጊያውን ከፍተው የሰው ምልክቱን ሲነኩ የላኪ ስም ያስመርጥዎታል። የተለጠፈው ፎቶና የድምፅ መልእክት የሚገኘው በዚህ ነው። ቃል ሲፈልጉም «ውሃ»ን እና «የውሃ»ን ለየብቻ ይሞክሩ። ከዚህ በኋላ የቀረው ጨዋታና ሰላምታ ነው፤ ደስ ካለዎት ያንብቡት፣ ካልሆነም ይለፉት።

ንባቡ አንድ ግዴታ አለበት። ለቅሶ ካለ ማጽናኛ መጻፍ፣ መዋጮ ካለ «ከፍያለሁ» ማለት፣ ስብሰባ ካለ ቀኑን መመዝገብ እዚያው መፈጸም አለበት። «በኋላ» ተብሎ የተተወ መልእክት በማግሥቱ በሌላ መቶ መልእክት ሥር ይቀበራል።

ከላኪው ወገን

እስካሁን ያየነው ሁሉ የተቀባዩ ድካም ነው። ግሩፑ በአንድ ነገር ቢስማማ አብዛኛው ድካም ይቀራል። ውሃ ሲመጣ ያየ ሰው «#ውሃመጣ» ብሎ ይጻፍ፤ ሞት ሲነገር «#ለቅሶ» ይባል፤ ፎቶም ሆነ ድምፅ ሲለጠፍ ሥሩ አንድ መስመር ጽሑፍና ይኸው ምልክት ይግባበት። ምልክቱን የነካ ሰው ከዚህ በፊት በዚያ ምልክት የተጻፈውን ሁሉ በአንድ ላይ ያገኛል። ቃል የሚጠብቀው ስልክም ስድስት ዓይነት አጻጻፍ መገመት አያስፈልገውም።

አድሚኑ ደግሞ ፒንን ለሁሉም ለሚያስፈልግ ነገር ብቻ ይቆጥበው። በየቀኑ ፒን የሚደረግበት ግሩፕ ውስጥ ሰዉ የፒኑንም ማሳወቂያ ማየት ይተዋል። ጭቅጭቅ ሲነሣም «Slow mode» የሚባለውን ቢያበራ፣ እያንዳንዱ ሰው ቀጣዩን መልእክት ለመላክ እስከ አንድ ሰዓት ድረስ እንዲጠብቅ ማድረግ ይችላል።

ለአንድ ነገር ግን ግሩፑን ማንም አይመን። እሳት ሲነሣ፣ ሰው ሲወድቅ፣ የጋዝ ሽታ ሲሸት ግሩፑን ዝም ያሰኘው ጎረቤት መልእክቱን አያይም። በር ይንኳኳ፤ ስልክ ይደወል፤ በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ጥሪ 939 ነው። ኮሚቴው ይህን ቁጥርና የተስማሙባቸውን ሁለት ምልክቶች በአንድ መልእክት ጽፎ ፒን ቢያደርግ፣ አዲስ የገባ ተከራይም ማንንም ሳይጠይቅ ሥርዓቱን ያገኘዋል።