አልጋ ላይ የሚሸናው ልጅ ተኝቶ ነው

የረጠበ ፍራሽ ፀሐይ ላይ መውጣቱ ግድ ነው፤ ካልደረቀ ይሸታል። ጎረቤት እያየ ልጁ ራሱ ተሸክሞ እንዲያሰጣው ማድረግ፣ በታናናሾቹ ፊት «ሽንታም» ማለት፣ አልፎም ልምጭ ማንሳት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እንዲህ የሚያደርጉ ወላጆች ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ ልጁ ካፈረ ወይም ከፈራ ይተዋል ብለው ስለሚያምኑ ነው። ልጁ ግን ሽንቱ ሲያመልጠው ተኝቷል፤ አያውቀውም። ጠዋት የደረሰበት ውርደት ሌሊት እንቅልፍ ውስጥ ገብቶ ሊያስቆመው አይችልም።

ሌሊት ላይ አንጎላችን ቫሶፕረሲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ኩላሊት በዚህ ሆርሞን ታዝዞ ከቀኑ ያነሰ ሽንት ያዘጋጃል። በአንዳንድ ልጆች ይህ ሆርሞን ሌሊት ላይ ገና አልበረታም፤ በሌሎቹ የሽንት ፊኛው ብዙ አይዝም። ሁለቱም ቢሆኑ ልጁ ነቅቶ ቢነሣ ፍራሹ አይረጥብም ነበር። ችግሩ ፊኛው ሞልቶ ለአንጎል ምልክት ሲልክ ልጁ አለመንቃቱ ነው። ይህ ደግሞ በቤተሰብ ይወረሳል። ከወላጆቹ አንዱ በልጅነቱ አልጋ ላይ ይሸና ከነበረ ልጁም የመሽናት ዕድሉ በመቶ 40 ገደማ፣ ሁለቱም ከነበሩ ደግሞ ከ70 በላይ ነው። ብዙ ወላጅ ግን የራሱን ታሪክ ደብቆ ልጁን ይቆጣል።

በሰባት ዓመት ዕድሜ ከመቶ ልጆች ከአምስት እስከ አሥር የሚሆኑት ሌሊት ይሸናሉ። አርባ ተማሪ ባለበት ክፍል ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ልጆች ይኖራሉ ማለት ነው፤ እያንዳንዳቸው ግን ብቻቸውን እንደሆኑ ያምናሉ።

አሁን አንድ የስምንት ዓመት ልጅ እንውሰድ እንበል። በሳምንት አምስት ሌሊት ይሸናል። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስድስት ወር ሙሉ ሳይሸና ያደረበት ጊዜ ነበር?» ብሎ ነው። መልሱ «ከሕፃንነቱ ጀምሮ አላቋረጠም» ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ ዘግይቶ እየበሰለ ነው። ከስድስት ወር በላይ ደርቆ የቆየ ልጅ እንደገና ከጀመረ ግን ምክንያት መፈለግ አለበት። አዲስ ሕፃን ተወልዶ፣ ወላጆች ተለያይተው ወይም በትምህርት ቤት የሚያስፈራው ነገር ገጥሞት ሊሆን ይችላል፤ ይህ በእርጋታ ይጠየቃል። ልጁ ውኃ አልጠግብ ካለ፣ ቀንም ደጋግሞ ከሸናና ከከሳ ግን የስኳር በሽታ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ሽንቱን በቀላል የወረቀት ምርመራ ማየት ስኳርንም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንንም ለመለየት ይረዳል። ቀንም ልብሱ ላይ የሚያመልጠው፣ ሽንቱ የሚንጠባጠብ፣ ሲሸና የሚያቃጥለው፣ አካሄዱ የተለወጠ ወይም ሌሊት አጥብቆ የሚያንኮራፋ ልጅም ጠለቅ ያለ ምርመራ ያስፈልገዋል።

የእኛ ልጅ የሽንት ምርመራው ደህና ነው። ሐኪሙ ቅዳሜና እሑድ ሽንቱ ልኬት በተጻፈበት ጆግ እንዲለካ ያዛል፤ ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሣ የሚሸናው አይቆጠርም። የአንድ ልጅ ፊኛ ምን ያህል መያዝ እንዳለበት በግምት ለማወቅ ዕድሜው ላይ አንድ ተደምሮ በ30 ይባዛል። ለስምንት ዓመት ልጅ 270 ሚሊ ሊትር ይመጣል። የእርሱ ትልቁ ልኬት 160 ነው። ጥያቄው ሲቀጥል ሌላም ነገር ይወጣል፦ የትምህርት ቤቱን ሽንት ቤት ስለሚጠላው ቀኑን ሙሉ ሳይጠጣና ሳይሸና ይውላል፤ ማታ ቤት ሲገባ ጥሙን በውኃና በሻይ ይወጣል። ሰገራ የሚወጣው በሦስት በአራት ቀን ነው፤ እሱም ደረቅ ነው።

እናቶች ሲሰሙት የሚገርማቸው ይሄኛው ነው። በሰገራ የተሞላ አንጀት ከጀርባ ፊኛውን ይጫነዋል፤ ፊኛው እንዳይሰፋ ያደርገዋል፣ ያስቆጣዋልም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሆድ ድርቀቱ ይታከማል፦ ሐኪም በሚያዘው ማለስለሻ፣ በአትክልትና በፍራፍሬ፣ ከምግብ በኋላ ረጋ ብሎ ሽንት ቤት በመቀመጥ። ውኃውን ጠዋትና ቀን በደንብ ይጠጣል፣ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ይሸናል፣ የማታው ሻይ ይቀራል። አንዳንድ ልጅ በዚህ ብቻ ይደርቃል። የእኛው ወደ ሦስት ሌሊት ወርዷል እንበል።

ቀጥሎ የሚመጣው ደወል ነው። ፋውንድለር የተባለ የሕፃናት ሐኪም በ1904 (እ.ኤ.አ.) የሕፃናቱ አልጋ ሲረጥብ ነርሶቹን የሚጠራ ደወል ሠራ፤ ከጊዜ በኋላ ልጆቹ ራሳቸው መሽናት እያቆሙ መጡ። አሜሪካውያኑ ባልና ሚስት ሞውረሮች በ1938 ሕክምና አድርገው አስፋፉት። የዛሬው ትንሽ ነው፦ እርጥበት የሚያውቅ ቁራጭ የውስጥ ሱሪ ላይ ይያያዛል፣ ደወሉ ትከሻ አካባቢ ይሰካል፤ የመጀመሪያዋ ጠብታ ስትነካው ይጮኻል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከልጁ በቀር ቤቱ ሁሉ ይነቃል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ አባት ተነሥቶ ደወሉን ያጠፋና ልጁን እንደተኛ ልብሱን ይቀይርለታል። እንዲህ ከሆነ ልጁ ምንም አይማርም። ልጁ በእርግጥ መንቃት አለበት፤ ፊቱን በውኃ ያስነኩት፣ ደወሉን በገዛ እጁ ያጥፋ፣ በእግሩ ሄዶ የቀረውን ይሽና፣ ልብሱን ቀይሮ ደወሉን መልሶ ይሰካ። ተኝቶ ሳለ ተሸክሞ ማሸናትም አንሶላውን ያድናል እንጂ መንቃትን አያስተምርም። በየሌሊቱ ሳይቋረጥ ከተሠራ ለውጡ ቀስ ብሎ ይታያል፦ የረጠበው ቦታ ያንሳል፣ ደወሉ ወደ ንጋት ይዘገያል፣ ልጁ ሳይቀሰቅሱት ይነሣል። በአራት ሳምንት ከእነዚህ አንዱም ካልታየ ከሐኪሙ ጋር መመካከር ይሻላል። ከታየ 14 ሌሊት በተከታታይ እስኪደርቅ ይቀጥላል፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ወር ይወስዳል። ከሦስት ልጆች ሁለቱ ገደማ ይደርቃሉ። ከቆመ በኋላ የሚመለስባቸው አሉ፤ ደወሉን እንደገና መጀመር ነው።

ደወሉን ከውጭ አገር ዘመድ ማስላክ ሊያስፈልግ ይችላል። ሕፃን በቅርቡ የተወለደበት፣ ሁሉም በአንድ ክፍል የሚያድርበት ወይም እናት ድካም የበዛባት ቤት ጊዜውን ቢያራዝም ጥፋት የለበትም። ዴስሞፕረሲን የተባለው እንክብል የሌሊቱን ሽንት ይቀንሳል፤ በሐኪም ትእዛዝ ይወሰዳል፣ ልጁም ከመዋጡ አንድ ሰዓት በፊት ጀምሮ እስከ ስምንት ሰዓት በኋላ ውኃ መጠጣት የለበትም፤ አለዚያ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ወርዶ አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ልጁን የምታመሰግኑት ደርቆ ስላደረ አይሁን፤ ያ በእጁ አይደለም። ቀን ውኃ ስለጠጣ፣ ከመተኛቱ በፊት ስለሸና፣ ደወሉን ሰምቶ ስለተነሣ አመስግኑት። ከአንሶላው ሥር ላስቲክ ይነጠፍ። ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት ይታጠብ፤ እኩዮቹ የሚሳለቁበት በሽታው ነው። አንሶላውን ማንሣት ቢያግዝ መልካም ነው፣ እንደ ቅጣት ግን አይታዘዝ። ታናናሾቹ እንዳይሳለቁ ተቆጡ፤ ለእንግዳ አታውሩት። እናንተም በልጅነታችሁ አልጋ ላይ ትሸኑ ከነበረ ዛሬውኑ ለብቻው ጠርታችሁ ንገሩት።